አማካዩ አትርፎ ገንዘቡ የከሰረበት ዐሥር ዓመት

እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ እስከ 2009 መጨረሻ ባሉት ዐሥር ዓመታት፣ የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው ኢንዴክስ በዓመት በአማካይ 1.2 በመቶ አተረፈ። በዚያው ኢንዴክስ ላይ 10,000 ዶላር አውሎ፣ የትርፍ ድርሻውን ሁሉ መልሶ አክሲዮን እየገዛበት፣ ዐሥሩን ዓመት ሙሉ ሳይነካ የጠበቀ ሰው ግን በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረው 9,094 ዶላር ገደማ ነው። ከ900 ዶላር በላይ ጎደለበት። በዚህ ስሌት ውስጥ የአሻሻጭ ክፍያ የለም፤ ግብር አልተቀነሰም፤ የዋጋ ንረትም አልታሰበም። ሁለቱም ቁጥሮች የተወሰዱት ከአንድ መዝገብ ነው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሜሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ወገናችን ከደመወዙ እየተቆረጠ “ፎር ኦ ዋን ኬ” በሚሉት የጡረታ ሂሳብ የሚጠራቀምለት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚውለው ይህን ኢንዴክስ ወይም የሱን መሰል በሚከተሉ ፈንዶች ላይ ነው። አገር ቤትም ቢሆን በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ማለት በዓመት አንዴ የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት የምስክር ወረቀት ብቻ መሆኑ እየቀረ፣ ዋጋው የሚወጣና የሚወርድ ንብረት ወደ መሆን እየሄደ ነው። ዋጋ በሚወጣበትና በሚወርድበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አንዱ አማካይ ትርፍ ሲል ሌላው ኪሳራ ሊል ይችላል። እንዴት እንደሆነ ለማየት የእነዚያን ዐሥር ዓመታት መዝገብ በዶላር መከተል ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2000 ኢንዴክሱ 9.1 በመቶ ወረደ፤ 10,000 ዶላሩ 9,090 ሆነ። በ2001 ደግሞ 11.9 በመቶ ወርዶ 8,008 ላይ ደረሰ። የ2002 ውድቀት ከሁለቱም ከፋ፤ 22.1 በመቶ ወርዶ 6,238 ዶላር ቀረ። ከዚያ ፀሐይ ወጣ። በ2003 ገበያው 28.7 በመቶ ሲያድግ ገንዘቡ 8,029 ሆነ፤ ቀጥለው በመጡት ዓመታት 10.9፣ 4.9፣ 15.8 እና 5.5 በመቶ እየጨመረ በ2007 መጨረሻ 11,411 ዶላር ደረሰ። ባለገንዘቡ ትርፍ ማየት የጀመረው በ2006 መጨረሻ፣ ሰባት ክፉና ደግ ዓመታት አልፈው ነው። ከዚያም 2008 መጣ። በቤት ብድር ቀውስ ኢንዴክሱ 37 በመቶ ተናደ፤ ገንዘቡ ወደ 7,189 ወረደ። በ2009 26.5 በመቶ ቢያገግምም ያደረሰው እስከ 9,094 ብቻ ነው።

አሁን ዐሥሩን መቶኛዎች፣ የወረደውን እየቀነስን የወጣውን እየጨመርን እንደምራቸው። ድምሩ 12.2 ይመጣል። ለዐሥር ሲካፈል 1.22 በመቶ ነው። ይህ ሁላችንም ከትምህርት ቤት የምናውቀው አማካይ ነው፤ ባለሙያዎቹ አሪትሜቲክ አማካይ ይሉታል። አሠራሩ ላይ ስህተት የለበትም። ችግሩ የደመርናቸው ነገሮች ላይ ነው። መቶኛ ሁልጊዜ የአንድ ነገር መቶኛ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

2002ንና 2003ን ብቻ ነጥለን እንያቸው። አንዱ 22.1 ወረደ፣ ሌላው 28.7 ወጣ። በመደመር ከሄድን ሁለቱ ዓመታት 6.6 በመቶ ያተረፉ ይመስላሉ። በዶላር ግን በ2002 የጠፋው 22.1 በመቶ የተቆረጠው ከ8,008 ላይ ስለሆነ 1,770 ዶላር ነው። በ2003 የተገኘው 28.7 በመቶ የተሰላው በተረፈው በ6,238 ላይ ስለሆነ 1,790 ዶላር ነው። የሁለት ዓመቱ ትርፍ ሃያ ዶላር ገደማ ብቻ! 6.6 በመቶ ያልነው ነገር ኪስ ሲገባ ሩብ በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። የወረደው ከትልቁ ላይ ተቆረጠ፣ የወጣው በትንሹ ላይ ተጨመረ። ለሁለተኛው ጥንድ፣ ለ2008ና ለ2009ም ነገሩ ያው ነው፤ ከ11,411 ላይ 4,222 ዶላር ሄደ፣ በ7,189 ላይ 1,905 ብቻ ተመለሰ።

ጂኦሜትሪክ አማካይ የሚባለው ይህን መሠረቱ የሚቀያየር ነገር በአግባቡ የሚይዘው ነው። መቶኛዎቹን አይደምርም፤ ያባዛል። 9.1 በመቶ ወረደ ማለት ገንዘቡ በ0.909 ተባዛ ማለት ነው፤ 28.7 ወጣ ማለት በ1.287 ተባዛ። ዐሥሩን ብዜቶች አባዝተን ዐሥረኛ ሥሩን ስናወጣ 0.9905 እናገኛለን፤ በዓመት 0.95 በመቶ ኪሳራ ማለት ነው። ሊመልስ የተነሣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ ገንዘቡ ሳይወጣ ሳይወርድ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መጠን ቢንቀሳቀስ ኖሮ፣ ከ10,000 ተነሥቶ 9,094 ላይ የሚያደርሰው መጠን ስንት ነው? አሪትሜቲኩ አማካይ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ 1.22 በመቶ ዐሥር ጊዜ ቢባዛ 11,289 ዶላር ይወጣዋል፣ ያንን ገንዘብ ደግሞ ማንም አላየውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩን ከውድቀቱ ጊዜ ጋር ያያይዘዋል፤ “ክፉው ዓመት መጀመሪያ ስለመጣ ነው” ወይም “መጨረሻ ላይ ስለመጣ ነው” ይላል። አይደለም። ማባዛት ቅደም ተከተል አያውቅም። ዐሥሩን ዓመታት ገልብጠን ከ2009 ብንጀምርና በ2000 ብንጨርስ፣ ወይም እንደ ካርታ ብንበውዛቸው፣ ሳይነካ የተቀመጠው 10,000 ዶላር ያው 9,094 ይሆናል። ልዩነቱን የፈጠረው የዓመታቱ ተራ ሳይሆን መራራቃቸው ነው።

የመራራቁን ዋጋ በቀላሉ መለካት ይቻላል። አንድ ገንዘብ በአንደኛው ዓመት 10 በመቶ ወጣ፣ በሁለተኛው 10 በመቶ ወረደ እንበል። አሪትሜቲክ አማካዩ ዜሮ ነው። 100 ብር ግን 110 ይሆንና ከ110 ላይ 11 ተቀንሶ 99 ይቀራል። በሁለት ዓመት አንድ በመቶ ጎደለ፤ በዓመት ግማሽ በመቶ። መወዛወዙን እጥፍ አድርገን 20 ብናደርገው 100 ብሩ 120፣ ከዚያ 96 ይሆናል፤ በሁለት ዓመት አራት፣ በዓመት ሁለት በመቶ ገደማ። እንደገና አጥፈን 40 ብናደርገው 140፣ ከዚያ 84 ይመጣል፤ በሁለት ዓመት 16፣ በዓመት ከስምንት በመቶ በላይ። መወዛወዙ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጉዳቱ አራት እጥፍ እየሆነ ነው። ቀመሩ እዚህ ውስጥ ተደብቋል፦ አንድ ገንዘብ በእኩል መጠን ወጥቶ ሲወርድ በሁለት ዓመት የሚያጣው የዚያን መጠን ካሬ ነው፣ በአንድ ዓመት ደግሞ የካሬውን ግማሽ።

እውነተኛው ገበያ እንዲህ በሥርዓት አይወጣም አይወርድም። ሆኖም በየዓመቱ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ቁጥር አለ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል። ካሬው ቫሪያንስ ነው። ከላይ ያገኘነው ነገር ለእውነተኛው ገበያም በግምት ይሠራል፤ ጂኦሜትሪኩ አማካይ ከአሪትሜቲኩ የሚያንሰው በቫሪያንሱ ግማሽ ያህል ነው።

```
G ≈ A − s²/2
```

A አሪትሜቲኩ አማካይ፣ G ጂኦሜትሪኩ፣ s ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ነው። ይህን የሚቀነሰውን ግማሽ ቫሪያንስ የመዋዠቅ ጉተታ እንበለው። በእኛ ዐሥር ዓመት እንሞክረው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 20 በመቶ ነው፤ 0.20 በራሱ ሲባዛ 0.04፣ ግማሹ 0.02፣ ማለትም ሁለት በመቶ። ከ1.22 ላይ ሁለት ስንቀንስ ከዜሮ በታች 0.8 ገደማ ይመጣል። እውነተኛው 0.95 ነበር። ግምቱ ትንሽ የሳተው በ2008 ምክንያት ነው፤ ቀመሩ ወደላይም ወደታችም እኩል የሚራራቅን ነገር ታሳቢ ያደርጋል፣ እንደ 37 በመቶ ያለ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሲኖር ግን እውነተኛው ጉተታ ቀመሩ ከሚለው ይብሳል። ጥልቅ ውድቀት ያለበት መዝገብ ሲገጥም ቀመሩን ትቶ ማባዛቱ ይሻላል። በጭራሽ የማይወዛወዝ ገንዘብ፣ ለምሳሌ በቋሚ ወለድ ባንክ የተቀመጠ፣ ሁለቱ አማካዮች እኩል ይሆኑለታል። ከዚያ ውጭ ባለው ሁሉ ጂኦሜትሪኩ ዝቅ ይላል፤ ከፍ የሚልበት አጋጣሚ የለም።

ሁለት በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ትንሽነቱ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። የኤስ ኤንድ ፒ 500 እና ከሱ በፊት የነበረው መዝገብ ከ1926 ጀምሮ ሲሰላ አሪትሜቲክ አማካዩ 12 በመቶ ገደማ፣ ጂኦሜትሪኩ 10 በመቶ ገደማ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 20 በመቶ ገደማ ነው። ቀመሩ እንደሚለው 12 ሲቀነስ 2፣ 10 መሆኑ ነው። በአሜሪካ የገንዘብ አስተዳደር ስብሰባዎችና የራስ አገዝ መጻሕፍት ላይ “የአክሲዮን ገበያ በአማካይ 12 በመቶ ይሰጣል” የሚለው ቁጥር ከዚህ ይመነጫል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ወደ ወለድ ሰሌዳ ውስጥ ሲገባ ግን ሐሰት ይናገራል። 10,000 ዶላር በ12 በመቶ ወለድ በወለድ ላይ እየታከለ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ 31,058 ይሆናል፤ በ10 በመቶ 25,937። ልዩነቱ አምስት ሺህ ነው። በሃያኛው ዓመት 96,463 እና 67,275 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ 29 ሺህ። በሠላሳኛው ዓመት አንዱ 299,600፣ ሌላው 174,500 ገደማ ላይ ይደርሳል። አሁን የሚለያያቸው 125,000 ዶላር ነው፤ ጡረታዬ ሦስት መቶ ሺህ ይሆናል ብሎ ያቀደ ሰው ከሚጠብቀው ላይ ከአርባ በመቶ በላይ ይጎድልበታል። ጉተታው በየዓመቱ የሚቆርጠው ሁለት በመቶ የዚያን ዓመት ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁለት በመቶ በቀሩት ዓመታት ሁሉ ሊወልድ ይችል የነበረውንም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። አሪትሜቲኩ አማካይ የማንንም ገንዘብ ካልገለጸ ለምን እስከ ዛሬ ኖረ? የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትስ ለምን የሚጠበቅ ትርፍ እያሉ ያሰሉበታል? መልሱ የሚገልጸው ነገር ስላለ ነው። አንድን ሰው በጊዜ ውስጥ ሲጓዝ ሳይሆን፣ ብዙ ሰዎችን በአንድ ላይ ይገልጻል።

አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ሳንቲም ይጣላል፤ ጎፈር ከወጣ ገንዘብህ በ60 በመቶ ያድጋል፣ ዘውድ ከወጣ ግማሹ ይጠፋል። በአንድ ጣል የሚጠበቀው ትርፍ የ60 ጭማሪና የ50 ቅናሽ አማካይ፣ ማለትም አምስት በመቶ ነው። የማንኛውንም ባንክ ዓይን የሚያቀላ ጨዋታ! አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ብር ይዘው ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወቱ፤ ዕድልም በትክክል ተከፋፍላ ትድረሳቸው። አንዱ ሁለቱንም አሸንፎ 256 ብር ይይዛል። ሁለቱ አንዴ አሸንፈው አንዴ ተሸንፈው 80፣ 80 ብር ይቀራቸዋል። አራተኛው ሁለቱንም ተሸንፎ 25 ብር ይዞ ይወጣል። ድምሩ 441 ነው፤ ለአራት ሲካፈል 110.25። አማካዩ ልክ እንደ ተስፋው ሁለት ጊዜ አምስት በመቶ አድጓል። ከአራቱ ሦስቱ ግን ከስረዋል። አማካዩን ወደላይ የሳበው አንድ ሰው ነው።

ጨዋታው ሃያ ጊዜ ቢደገም ደግሞ የባሰ ይሆናል። አማካይ ሀብቱ ወደ 265 ብር ያድጋል፤ ዐሥር ጊዜ አሸንፎ ዐሥር ጊዜ የተሸነፈው፣ መሐል ላይ ያለው ሰው ግን 11 ብር እንኳ አይቀረውም። ለማትረፍ ከሃያው ቢያንስ 12 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ያን ዕድል የሚያገኘው ከአራት ተጫዋቾች አንዱ ብቻ ነው። አራቱ ተስማምተው ከእያንዳንዱ ጣል በኋላ ገንዘባቸውን ደምረው እንደገና እኩል ቢካፈሉ ኖሮ፣ እያንዳንዳቸው ወደ አሪትሜቲኩ አማካይ በተጠጉ ነበር። ብቻውን የሚጫወት ሰው ግን በሌላው ዕድል አይካፈልም፤ የሚኖረው በአንዲት የራሱ መስመር ላይ ነው፣ የዚያች መስመር መለኪያ ደግሞ ጂኦሜትሪኩ ነው። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 በሴንት ፒተርስበርግ ባሳተመው ጥናቱ አደገኛ ሥራን በዚህ በማባዛት አማካይ መመዘን እንደሚሻል ጠቁሞ ነበር። ከላይ ያለው የ299,600 ዶላር ነገርም እዚሁ ላይ ይፈታል። ያ ቁጥር ሊሆኑ የሚችሉ የገበያ ዕጣዎች ሁሉ አማካይ ነው፤ እጅግ የበለጸጉ ጥቂት ዕጣዎች ወደላይ ጎትተውታል። መሐል ላይ የሚገኘው፣ ግማሹ ከሱ በላይ ግማሹ ከሱ በታች የሚሆነው ዕጣ፣ ወደ 174,500 የሚጠጋው ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው አንድ ዓመት ብቻ መገመት የፈለገ ሰው አሪትሜቲኩን ቢይዝ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ቁጥር ለብዙ ዓመት ሲያባዛው ነው።

ጉተታው በጣም የሚከፋው ገንዘብ በብድር ሲጎለብት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያ የካሬ ጉዳይ ነው። በአማካይ 10 በመቶ የሚሰጥና በ20 በመቶ የሚዋዥቅ አክሲዮን ይኑር። ጉተታው ሁለት በመቶ ስለሆነ የሚያድገው በ8 በመቶ ነው። አሁን ባለቤቱ የራሱን ያህል ተበድሮ እጥፍ ይግዛ፤ ለቀላልነት ብድሩ ወለድ የለውም እንበል። አማካዩ እጥፍ ይሆንና 20 ይሆናል፣ ጉተታው ግን አራት እጥፍ ስለሚሆን 8 ይሆናል፤ እድገቱ 12 በመቶ። እስካሁን ተጠቀመ። ሦስት እጥፍ ሲያደርገው አማካዩ 30፣ ጉተታው 18፤ እድገቱ ያው 12። አደጋው ጨመረ እንጂ አንድም ነገር አላገኘም። በአራት እጥፍ 40 ሲቀነስ 32፣ ያለ ብድር ያገኝ ወደነበረው 8 ይመለሳል። በአምስት እጥፍ 50 ሲቀነስ 50 ነው። በዓመት በአማካይ 10 በመቶ የሚሰጥ መልካም አክሲዮን ይዞ፣ ያለ አንዳች የብድር ወለድ፣ እድገቱን ዜሮ አደረገው። ከዚያ በላይ ሲሄድ እየከሰረ ነው። በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 ያወጣው ቀመር የሚፈልገው የዚህን ጉብታ ጫፍ ነው፤ እዚህ ምሳሌያችን ላይ ጫፉ ሁለት ተኩል እጥፍ ላይ ነው። እውነተኛው ብድር ወለድ ስላለው፣ የወደፊቱን አማካይም አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አስተዋይ ባለሙያዎች ከዚያ ጫፍ በብዙ ዝቅ ብለው ይቆማሉ።

ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ በ2008ና በ2009 በአሜሪካ ገበያ ላይ በአደባባይ ታየ። በአክሲዮን ገበያ እንደ አክሲዮን የሚሸጡና የሚገዙ፣ የአንድን ኢንዴክስ የዕለት እንቅስቃሴ በሦስት አባዝተው ለመስጠት ቃል የሚገቡ ፈንዶች አሉ፤ ተቃራኒውን በሦስት አባዝተው የሚሰጡም እንዲሁ። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪዎች በ2009 ለሕዝብ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ላይ አንድ ምሳሌ ጠቅሰዋል። ከታኅሣሥ 2008 መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 2009 መጨረሻ ባሉት አምስት ወራት አንድ ኢንዴክስ 8 በመቶ ገደማ ወጣ። ሦስት እጥፉን የሚከተለው ፈንድ ግን 53 በመቶ ወደቀ። ተቃራኒውን ሦስት እጥፍ የሚከተለውም 90 በመቶ ወደቀ። ይወጣል ብሎ የተወራረደውም ይወርዳል ብሎ የተወራረደውም ከሰረ!

ማጭበርበር የለበትም፤ ፈንዶቹ ቃል የገቡት ለአንድ ቀን ነው፣ በየማታው ሂሳባቸውን አስተካክለው ነገ እንደገና በሦስት ያባዛሉ። በሁለት ቀን ምሳሌ እንየው። ኢንዴክሱ ከ100 ተነሥቶ 10 በመቶ ወጥቶ 110 ይሁን፤ በማግሥቱ 9.09 በመቶ ወርዶ ወደ 100 ይመለስ። የወጣ የለም፣ የወረደ የለም። ሦስት እጥፉ ፈንድ መጀመሪያ በ30 በመቶ ወጥቶ 130 ይሆናል፤ በማግሥቱ 27.27 በመቶ ወርዶ 94.55 ላይ ይቀራል። ተቃራኒው መጀመሪያ ወደ 70 ይወርዳል፣ ከዚያ በ27.27 በመቶ አድጎ 89.09 ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ከኢንዴክሱ ኋላ ቀሩ። የባንክ አክሲዮኖች በየቀኑ በብዙ በመቶ ሲናወጡ በነበሩበት በዚያ ክረምት ይህ ለአምስት ወር በየቀኑ ተደገመ። ይህ ሲባል ግን ፈንዶቹ ሁልጊዜ ይከስራሉ ማለት አይደለም። ኢንዴክሱ በተከታታይ ሁለት ቀን 10፣ 10 በመቶ ቢወጣ 121 ይሆናል፤ ሦስት እጥፉ ፈንድ ደግሞ 169፣ ማለትም ከ21 ሦስት እጥፍ በላይ ያተርፋል። አንድ አቅጣጫ የያዘ ገበያ ይጠቅማቸዋል፤ ወዲያና ወዲህ የሚል ገበያ ይፈጃቸዋል።

ጉተታው የሚያጥረው መዋዠቁ ሲያጥር ነው፣ ለዚህም የታወቀው መንገድ ገንዘብን መከፋፈል ነው። ሁለት ንብረቶች ይኑሩ፤ የመጀመሪያው በአንደኛው ዓመት 40 በመቶ ወጥቶ በሁለተኛው 20 ይወርዳል፣ ሁለተኛው በተገላቢጦሽ መጀመሪያ 20 ወርዶ ከዚያ 40 ይወጣል። የሁለቱም አሪትሜቲክ አማካይ 10 ነው። ለብቻው ግን አንዱም ቢሆን 100 ብርን በሁለት ዓመት ከ112 አያሳልፍም፤ በዓመት 5.8 በመቶ ነው። ግማሽ በግማሽ ከፍሎ ትቶ የተቀመጠም ያንኑ 112 ያገኛል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 70ና 40 የሆኑትን ሁለት ክፍሎች ደምሮ እንደገና 55 በ55 ያካፈለ ሰው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 121 ብር ይኖረዋል። ከሁለቱም ንብረቶች የበለጠ! አዲስ ትርፍ ከየትም አልመጣም፤ ጉተታው ስለጠፋ አሪትሜቲኩ አማካይ ሙሉ በሙሉ እጁ ገባ። እንዲህ በፍጹም የሚቃረኑ ጥንዶች በእውነተኛው ገበያ አይገኙም፤ በ2008 ደግሞ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ አክሲዮኖች ሁሉ አብረው ነው የወደቁት። የተለያየ ስም ያላቸው ብዙ ፈንዶች መያዝ ብቻውን መከፋፈል አይባልም፤ በክፉ ቀን አብረው የማይወድቁ ሲሆኑ ነው።

በአሜሪካ ሕግ የጋራ ፈንዶች ያለፈውን ውጤታቸውን ሲያስተዋውቁ የአንድ፣ የአምስትና የዐሥር ዓመቱን በማባዛት በተሰላው አማካይ እንዲያሳዩ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ እነሱ ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ጂኦሜትሪኩ ነው። ስብሰባ ላይ የሚነገረው፣ በስልክ የሚመጣው፣ በወዳጅ አንደበት የሚደገመው “በአማካይ” ግን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የየዓመቱን ውጤት ጠይቆ በስልክ ካልኩሌተር ማባዛት ነው፤ ወይም ደግሞ መነሻው ገንዘብ ስንት እንደነበርና መጨረሻው ስንት እንደሆነ መጠየቅ። ሻጩ መቶኛውን ብቻ ደጋግሞ ብሩን የማይናገር ከሆነ እኔ ብሆን አልገዛም።

ጂኦሜትሪኩም ቢሆን የሚገልጸው አንዴ ተቀምጦ ያልተነካን ገንዘብ ነው፤ ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚያጠራቅም ሰው ሌላ ሦስተኛ ቁጥር አለው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት መጀመሪያ ላይ 10,000 ዶላር በማስቀመጥ ፋንታ በየዓመቱ መጀመሪያ 1,000 ዶላር ያስቀመጠ ሰው ያወጣው ያው 10,000 ነው፤ በ2009 መጨረሻ ላይ ግን 10,533 ዶላር ይኖረዋል። ገበያው ወርዶ በነበረበት በ2003 መጀመሪያ ያስገባው አንድ ሺህ ብቻውን 1,458 ሆኗል። ለሱ የዓመታቱ ተራ ትርጉም አለው። ያንኑ ዐሥር ዓመት ገልብጠን ከ2009 ብናስጀምረውና በ2000 ብናስጨርሰው፣ አንዴ ላስቀመጠው ሰው ውጤቱ ያው 9,094 ሆኖ ሲቀር፣ በየዓመቱ ላጠራቀመው ግን 8,812 ዶላር ብቻ ይሆናል።